የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ እና የእንግዴ ልጅ፦ በነፍሰ ጡር እናት ሰውነት ውስጥ ምን ይካሄዳል?

በደጋማ ቀበሌ የምትኖር አንዲት የ24 ዓመት አርሶ አደር ለምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያ ልጇን ጸንሳ 28ኛ ሳምንቷ ላይ ደርሳለች። ቀድሞ ውኃ አዝላ ሳታርፍ ትወጣው የነበረውን ዳገት ዛሬ ባዶ እጇን እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም ካላለች አትዘልቀውም። ሲመሽ እግሯ ያብጣል። በጀርባዋ ስትተኛ ያዞራታል፣ ላብ ያጠምቃታል። አማቷ “አይዞሽ ልጄ፣ እርግዝና እንዲህ ነው፤ እኛም ያለፍንበት ነው” ይሏታል።

የአማቷ ቃል አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። የሚያስቸግረው ግን ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑ ነው። ጤናማ እርግዝና የሚያመጣው ለውጥ እና አደገኛ ሕመም የሚያመጣው ለውጥ በመልክ ይቀራረባሉ፤ የሁለቱም ምንጭ ብዙውን ጊዜ አንድ አካል፣ የእንግዴ ልጅ ነው። ይህ አካል ምን እንደሚሠራ ያወቀ ሰው፣ የትኛውን ምልክት በትዕግሥት ማሳለፍ እንደሚቻልና የትኛው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚያስሄድ ለመለየት ይቀለዋል።

የእንግዴ ልጅ ምንድን ነው?

የእንግዴ ልጅ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ተከትሎ የሚወጣው አካል ነው። የእርግዝናው ጊዜ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ክብ ሆኖ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱም ከ2 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። ብዙ ሰው የእናቲቱ አካል አድርጎ ያስበዋል፤ በአብዛኛው የሚሠራው ግን ከጽንሱ ወገን ነው። ጽንሱ በተፈጠረ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። በዚያን ጊዜ የውጭው ሽፋን ወደ ግድግዳው ሥር እየሰደደ ይገባና ወደ እንግዴ ልጅ ያድጋል።

ሥር መስደዱ ለንግግር ማሳመሪያ ብቻ የተባለ አይደለም። የእንግዴ ልጅ እንደ ተክል ሥር የተበታተኑ እጅግ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አሉት። በቅርንጫፎቹ ውስጥ የጽንሱ ደም ይዘዋወራል፤ ከውጭ ደግሞ የእናቲቱ ደም ያጥባቸዋል። የእናትና የልጅ ደም ግን በተለመደው ሁኔታ አይቀላቀልም። በመካከላቸው ባለው ስስ ሽፋን በኩል ኦክስጅንና ምግብ ወደ ልጁ ያልፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሌላው ቆሻሻ ደግሞ ወደ እናቲቱ ይመለሳል። ልጁን ከዚህ ሁሉ ጋር የሚያገናኘው እትብት ነው። በእትብት ውስጥ ሦስት የደም ቧንቧዎች አሉ፤ አንዱ ኦክስጅንና ምግብ ያለውን ደም ወደ ልጁ ያመጣል፣ ሁለቱ የተጠቀመበትን ይመልሳሉ።

ስለዚህ ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ ሳንባው፣ አንጀቱና ኩላሊቱ ገና ሊሠሩት ያልቻሉትን ሥራ ይህ አካል ይሠራለታል። ነገር ግን ሥራውን ለመሥራት ብዙ ደም ያስፈልገዋል። ያን ደም የሚያገኘውም የእናቲቱን ሰውነት በሆርሞን አማካይነት በማዘዝ ነው።

ትእዛዙ በሆርሞን ይተላለፋል

ሆርሞን ማለት በአንድ አካል ተመርቶ፣ በደም ተጓጉዞ፣ ሌላው አካል ሥራውን እንዲለውጥ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው።

የእንግዴ ልጅ መጀመሪያ የሚልከው መልእክት ኤች.ሲ.ጂ. የተባለው ሆርሞን ነው። በጤና ጣቢያ በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው እርሱን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ በየሁለትና ሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል። መልእክቱ የሚደርሰው ለእንቁልጢ ሲሆን፣ “የወር አበባ እንዳይመጣ፣ ፕሮጄስትሮን ማምረትሽን ቀጥይ” የማለት ያህል ነው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የእንግዴ ልጁ ራሱን ይችላል፤ ፕሮጄስትሮኑን ከእንቁልጢ ተረክቦ ራሱ ያመርታል። ብዙ እናቶችን የሚያስቸግረው ማቅለሽለሽም ኤች.ሲ.ጂ. ከፍተኛ መጠኑ ላይ በሚደርስበት በእነዚሁ ወራት ይበረታል።

ፕሮጄስትሮን የሚያላላ ሆርሞን ነው። የማህፀንን ጡንቻ ያላላል፤ በዚህም ምጥ ያለጊዜው እንዳይመጣ ያግዛል። የደም ቧንቧዎችን ጡንቻ ያላላል። የአንጀትንም ያላላል፤ በእርግዝና ወቅት የሆድ ድርቀትና ቃር የሚበዛው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ከዚህም በላይ አንጎል ውስጥ አተነፋፈስን የሚቆጣጠረውን ክፍል ያነቃቃል። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ሁለተኛው ትልቅ ሆርሞን ኤስትሮጅን ነው። ማህፀንና ጡት እንዲያድጉ ያደርጋል፤ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስቀር ከሚያደርጉት ምክንያቶችም አንዱ ነው። የእናቲቱ ደም የሚበዛው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ልብና ደም፦ ተጨማሪ አንድ ሊትር ተኩል

የእንግዴ ልጅ ከሚያደርገው ሁሉ አስደናቂው ሥራ የሚከናወነው በማህፀን ግድግዳ ውስጥ ነው። ወደ ማህፀን ደም የሚያደርሱ ጠመዝማዛ የሆኑ ትናንሽ የደም ቧንቧዎች አሉ። ከእርግዝና በፊት ቀጫጭኖች ናቸው፤ ግድግዳቸውም ጡንቻ ስላለው ይጠብቃል፣ ይላላል። ከእንግዴ ልጁ የሚነሱ ሕዋሳት ወደ እነዚህ ቧንቧዎች ገብተው ጡንቻውን ያፈርሱታል፤ አፋቸውንም ብዙ እጥፍ ያሰፉታል። ሥራው እስከ እርግዝናው አጋማሽ፣ እስከ 20ኛው ሳምንት ገደማ ይጠናቀቃል።

መስኖ የሚያጠጣ አርሶ አደር ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጠባብ ቦይ ውኃውን በኃይል እየወረወረ የማሳውን አፈር ይሸረሽራል፤ ተክሉም በቂ ውኃ አያገኝም። ሰፊ ቦይ ግን ብዙ ውኃ በዝግታ ያስገባል። ቧንቧዎቹ በሚገባ ሲሰፉ የእናቲቱ ደም ቀጫጭኖቹን ቅርንጫፎች ሳይጎዳ በዝግታ ያጥባቸዋል። እርግዝናው ሲሞላ በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ደም ወደ ማህፀን ይፈስሳል።

ይህን ለማሟላት የእናቲቱ ጠቅላላ ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ በሊትር ሲታሰብ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ልቧ በደቂቃ የሚረጨው ደም ከ5 ሊትር ገደማ ወደ 6 ሊትር ተኩልና 7 ሊትር ይደርሳል። የልብ ምቷም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ይጨምራል። የሚገርመው፣ ደሙ በዝቶ ሳለ የደም ግፊቷ በእርግዝናው አጋማሽ ከቀድሞው ዝቅ ማለቱ ነው። ቧንቧዎቹ በሆርሞን ስለላሉ ደሙ ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል የሚያዞራት ለዚህ ነው።

በጀርባ ሲተኙ የሚመጣው ማዞር ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የከበደው ማህፀን ከእግርና ከዳሌ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲያንስ ማዞርና ላብ ይመጣል። በጎን፣ በተለይም በግራ ጎን መተኛት ጫናውን ያነሳል። ወደ ማታ የሚያብጠው እግርም ደም በዚያው ምክንያት ወደ ታች ስለሚከማች ነው፤ አድሮ ጠዋት የሚቀንስ እብጠት የዚህ ዓይነቱ ነው።

የደሙ መብዛት አንድ ጣጣ አለው። የሚበዛው በዋናነት ውኃማው ክፍል ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጨምሩት ከእርሱ ባነሰ መጠን ነው። ወጥ ላይ ውኃ ሲጨመር እንደሚቀጥን ደሙም ይቀጥናል፤ ቀጭን ደም በእንግዴ ልጁ ውስጥ በቀላሉ ስለሚዘዋወር ልኩን ካላለፈ ጥቅም አለው። ሄሞግሎቢን በአንድ ዴሲ ሊትር ከ11 ግራም በታች ሲወርድ ግን በአብዛኛው የደም ማነስ ይባላል። ቀይ ሕዋሳትን ለመጨመር፣ ለልጁና ለእንግዴ ልጁ በእርግዝናው ሁሉ 1 ግራም ገደማ ብረት ያስፈልጋል፤ ይህን ከምግብ ብቻ ማግኘት ለብዙዎች ከባድ ነው። በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ የሚወሰደው ለዚህ ነው። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ እንክብሉን ከቡናው ቢያንስ በአንድ ሰዓት አራርቆ መዋጥ ይገባል። እንክብሉ ሰገራን ማጥቆሩ የተለመደ እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም።

ትንፋሽ፦ ሆዱ ሳይገፋ የሚጀምር ለውጥ

ብዙ ሰው ነፍሰ ጡር ሴት ትንፋሽ የሚያጥራት ሆዷ ሳንባዋን ስለሚጫን ብቻ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ወራት ብቻ በሆነ ነበር። ብዙ እናቶች ግን ሆዳቸው ገና ሳይታይ የትንፋሽ ማጠር ይሰማቸዋል። ከጤናማ ነፍሰ ጡሮች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በአንድ ወቅት ይህ ያጋጥማቸዋል።

ዋናው ምክንያት ከላይ የጠቀስነው ፕሮጄስትሮን ነው። ሆርሞኑ አንጎልን ስለሚያነቃቃ እናቲቱ በአንድ ጊዜ የምትስበው አየር ከግማሽ ሊትር ወደ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምራል። በደቂቃ የምትተነፍሰው ብዛት ግን ብዙም አይለወጥም። ማለትም ትንፋሿ ጥልቅ ይሆናል እንጂ አይፈጥንም። ይህ ልዩነት በቃል ሊያዝ የሚገባው ነው፤ በኋላ ጤናማውን ከሕመሙ ለመለየት ይረዳል።

ጥልቅ ትንፋሹ ዓላማ አለው። እናቲቱ በጥልቀት ስትተነፍስ በደሟ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። የልጁ ደም ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ነው። ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ከበዛበት ከልጁ ደም ወዳነሰበት ወደ እናቲቱ ደም ይሻገራል። እናቲቱ ትንፋሽ ያጠራት ሲመስላት ለሁለት እየተነፈሰች ነው።

በኋለኞቹ ወራት ማህፀኑ ድያፍራምን ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ደረትም በዚያው ልክ ወደ ጎን ስለሚሰፋ ጥልቅ ትንፋሹ አይታጎልም። ነገር ግን እናቲቱ አስተንፍሳ ስትጨርስ ሳንባዋ ውስጥ የሚቀረው አየር ያንሳል፤ የምትጠቀመው ኦክስጅን ደግሞ በአምስት እጅ አንድ ያህል ይጨምራል። መጠባበቂያው በመመናመኑ ዳገት ላይ ቶሎ ይደክማታል። በደጋ ላይ ለምትኖር ደግሞ ነገሩ ይበረታል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው።

በምሳሌ ያነሳናት እናት በ28ኛው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። አዋላጅ ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች፤ 105 በ65 ነበር። የልብ ምቷ 92፣ ትንፋሿ በደቂቃ 18፣ ሄሞግሎቢኗ 11.2 ሆኖ ተገኘ፤ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን አልነበረም። “እህቴ፣ ስታርፊ ይተውሻል?” ብላ ጠየቀቻት። “አዎ፣ ትንሽ ቁጭ ስል ይተወኛል” አለች። ሁሉም ጤናማ ነበር። አማቷ ልክ ነበሩ።

ቦዩ ሳይሰፋ ሲቀር

በአንዳንድ እርግዝናዎች የማህፀን ቧንቧዎች በሚገባ ሳይሰፉ ይቀራሉ። በዚያን ጊዜ እናቲቱ ምንም አይሰማትም፤ ጽንሱ ገና ትንሽ ስለሆነ የሚደርሰው ደም ይበቃዋል። ልጁ ሲያድግ ግን ፍላጎቱ ከቦዩ ስፋት ይበልጣል። ደም ያጠረው የእንግዴ ልጅ የእናቲቱን የደም ቧንቧዎች ውስጠኛ ሽፋን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደሟ ይለቃል። ልለው የነበሩት ቧንቧዎች ይጠብባሉ፣ ያፈስሳሉም። የደም ግፊት ይወጣል፤ ኩላሊት ፕሮቲን ወደ ሽንት ያሳልፋል፤ ፊትና እጅ ያብጣሉ። ይህ ሕመም ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። የሚታየውም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነው። በመጀመሪያ እርግዝና፣ በመንታ እርግዝና፣ ቀድሞ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ባለባቸው እንዲሁም ባለፈው እርግዝና በገጠማቸው እናቶች ላይ ይበዛል።

ያቺው እናት 35ኛ ሳምንቷ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ የማይለቅ ራስ ምታት ያዛት። ጠዋት ስትነሳ ፊቷ አብጦ ነበር፤ የጣቷ ቀለበትም አልወጣ አለ። ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል። አማቷ በዚህ ጊዜም “እርግዝና ነው” ሊሏት ይችሉ ነበር። ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አስቀድማ አስጠንቅቃቸው ስለነበር በዚያው ጠዋት ይዘዋት ሄዱ። የደም ግፊቷ 164 በ112 ሆኖ ተገኘ፤ ሽንቷም ብዙ ፕሮቲን ነበረው።

በእርግዝና ወቅት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ከልክ ያለፈ ነው፤ 160 በ110 ሲደርስ ድንገተኛ አደጋ ነው። የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች የሰውነት መንዘፍዘፍን የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት በመርፌ ሰጧት፤ ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት ጨመሩላት፤ በአምቡላንስም ወደ ሆስፒታል ላኳት። እዚያ በመድኃኒት ምጥ እንዲመጣ ተደርጎ ወለደች። ሕፃኗ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ነበረች፤ ገላዋ ከእናቷ ደረት ጋር ተጣብቆ እንድትሞቅ ተደረገ።

ቶሎ እንድትወልድ መደረጉ ምክንያት ነበረው። መድኃኒት ግፊቱን ያወርዳል፣ መንዘፍዘፉን ይከላከላል እንጂ የሕመሙን መነሻ አያጠፋም። መነሻው የእንግዴ ልጅ በመሆኑ ሕመሙ የሚቆመው እርሱ ሲወጣ ነው። ዘግይታ ብትሄድ ኖሮ ቀጣዩ መንዘፍዘፍ ሊሆን ይችል ነበር። ነፍሰ ጡር ስትንዘፈዘፍ ልክፍት ነው ተብሎ ሌላ መፍትሔ ሲፈለግ የሚያልፈው ሰዓት የሁለት ሰው ሕይወት ይቀጥፋል።

ጤናማውን ከአደገኛው መለየት

ጤናማው ትንፋሽ ማጠር ቀስ በቀስ ይመጣል፣ ሲያርፉ ይተዋል፣ ቁጭ ብሎ ከማውራትም አይከለክልም። ቁጭ ባለችበት ትንፋሿ የሚቆራረጥ፣ ከትራስ ቀና ካላለች መተኛት የማትችል፣ ሌሊት አፍኗት የምትነሳ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ያላት ወይም ትንፋሿ እጅግ የሚፈጥን እናት ግን ቀን መቁጠር የለባትም። በልጅነት ጉሮሮን ከሚያም ሕመም ተከትሎ የልብ በር የተጎዳባት ሴት እስከ እርግዝናዋ ድረስ ጤነኛ መስላ ልትኖር ትችላለች፤ ተጨማሪው አንድ ሊትር ተኩል ደም ሲመጣ ግን የጠበበው የልብ በር አያሳልፈውም፤ ደሙ ወደ ሳንባ ያቆራል።

ጤናማው እብጠት እግር ላይ ነው፤ ጠዋት ይቀንሳል። ጠዋት የሚታይ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ከማህፀን የሚወጣ ደም እንዲሁም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ በዚያው ቀን የሚያስሄዱ ምልክቶች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን ግፊቱ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ይወጣል፤ ያለ መለኪያ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች ቢያንስ 8 ጊዜ እንዲታዩ፣ የመጀመሪያውም በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን የሚመክረው ለዚህ ጭምር ነው። ቀድሞ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለሕመሙ የተጋለጠች እናት ባለሙያ ሲያዝላት አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ልትጀምር ትችላለች። ቦዩ ከጠበበ በኋላ መጀመሩ ግን ጥቅሙን ያሳንሰዋል። ያለ ትእዛዝ መውሰድም አይገባም።

የእንግዴ ልጅ ከወጣ በኋላ

የእንግዴ ልጅ ሲላቀቅ በየደቂቃው ግማሽ ሊትር ያፈስሱ የነበሩት ቧንቧዎች አፋቸው ክፍት ይቀራል። የሚዘጋቸው የማህፀን ጡንቻ ጠንክሮ መጨበጥ ነው። ልጁ እንደተወለደ ለእናቲቱ የሚሰጠው የኦክሲቶሲን መርፌ ጡንቻው እንዲጨብጥ ያደርጋል። የእንግዴ ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልወጣ፣ ተቆርሶ ከቀረ ወይም ደሙ ካልቆመ አደጋው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በጤና ተቋም መውለድን ከቤት ውስጥ ወሊድ ከሚለዩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሆርሞኖቹም ምንጫቸው ስለወጣ በፍጥነት ይወርዳሉ። ፕሮጄስትሮን ጡቱ ወተት እንዳይሰጥ ይዞት ስለነበር፣ እርሱ ሲወርድ ወተት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በብዛት ይመጣል። የትንፋሹ ጥልቀት ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የበዛውም ደም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።

የደም ግፊት ግን ወዲያው ላይወርድ ይችላል፤ መንዘፍዘፍም ከወሊድ በኋላ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ያቺ እናት በሆስፒታል ቆይታ ግፊቷ ሲለካ ሰነበተች፤ ወደ ቤቷ ከተመለሰችም በኋላ በቀጠሮዋ እየሄደች ታየች። በስድስተኛው ሳምንት 118 በ76 ሆኖ ተመዘገበ። ባለሙያዋ ካርዷ ላይ “ፕሪኤክላምፕሲያ ነበራት” ብላ ጻፈችና፣ “እህቴ፣ ሌላ ጊዜ ስትጸንሺ ይህን ካርድ ይዘሽ ቶሎ ነይ” አለቻት። አማቷም ካርዱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።